ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ፦ ዝናቸውን ከየት አገኙት?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ሲነገር፣ ገበያው የራሱን መድኃኒት ለማዘዝ ቀናት አልፈጀበትም። የነጭ ሽንኩርት፣ የዝንጅብልና የሎሚ ዋጋ ናረ። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ከቫይረሱ እንደሚከላከል ማስረጃ የለም ቢልም የሰማው ጥቂት ነበር። ዛሬም ጉሮሮው የከረከረው ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከእነዚህ ሦስቱ ነው። ለመሆኑ ይህን እምነት ያገኙት በምን ሥራቸው ነው?

ከሎሚ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም ድዳቸው የሚደማና ሰውነታቸው የዛለ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ የተለያየ ነገር ሰጣቸው። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ በስድስት ቀን ውስጥ ተሻላቸው። ሎሚ የመድኃኒትነት ስሙን ያተረፈው እንዲህ ነው። በሽታው ግን ስከርቪ ነበር፤ የቫይታሚን ሲ እጥረት እንጂ የጉሮሮ ሕመም አይደለም። የቆሰለ ጉሮሮ ላይ የሚፈስ ያልተበረዘ የሎሚ ጭማቂ አሲድ ነው፤ ያቃጥላል። ቃር ላለበት ሰው ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ጠዋት ጠዋት ጉሮሮውን የሚከረክረው ከጨጓራ ሽቅብ የሚመጣው አሲድ ሊሆን ይችላልና።

ነጭ ሽንኩርት የተሻለ መከራከሪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1944 ካቫሊቶና ቤይሊ የተባሉ አሜሪካውያን ኬሚስቶች ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ የሚፈጠረውን ባክቴሪያ ገዳይ ንጥረ ነገር ለይተው አሊሲን አሉት። ይህ ግን በላቦራቶሪ ነው። በሰው ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች የሚጠቀሰው 146 ሰዎች ለ12 ሳምንት የተሳተፉበት ነው። በየቀኑ የነጭ ሽንኩርት እንክብል የወሰዱት በድምሩ 24 ጊዜ ጉንፋን ሲይዛቸው ያልወሰዱት 65 ጊዜ ተይዘዋል። አንዴ ከያዛቸው በኋላ ግን ለመዳን የፈጀባቸው ጊዜ ብዙም አልተለያየም። አንድ ሙከራ ደግሞ ለፍርድ አይበቃም። አፍንም ቆዳንም የሚያቃጥለው ያው አሊሲን ነው፤ ጥሬውን ጉንጭ ውስጥ ይዞ መቆየት የአፍን ሥጋ እስከማቁሰል ይደርሳል። ከፈላ ግን ኃይሉም ማቃጠሉም አብረው ይጠፋሉ።

ዝንጅብል በላቦራቶሪ እብጠትን የሚቀንሱ ንጥረ ነገሮች አሉት። ለጉሮሮ ሕመም በሰው ላይ የተገኘው ማስረጃ ግን ቀጭን ነው፤ ሲበዛም ጨጓራን ይለበልባል።

ታዲያ ጠጥተን ቀለል የሚለን ለምንድን ነው? የብሪታንያው የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ጉንፋን ለያዛቸው 30 ሰዎች አንዱን የፍራፍሬ መጠጥ ለገሚሱ ትኩስ፣ ለገሚሱ ለብ ሳያደርጉ ሰጡ። የጉሮሮ ሕመም የቀለላቸው ትኩሱን የጠጡት ናቸው። ስለዚህ ከሚያስታግሰን ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ሙቀቱ ነው። ማርም ሳልን በማስታገስ ከሦስቱ የተሻለ ማስረጃ አለው፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥም።

እንግዲህ ቤት ውስጥ የሚያዋጣው ይህ ነው፦ ሁለት ሦስት ስስ የዝንጅብል ቁራጭ በውኃ አፍልቶ፣ ከንፈር እስከማይፋጅ ማብረድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር መጨመር፣ ሎሚው ጠብታ ብቻ ይሁን፤ ካቃጠለ ይቅር። ነጭ ሽንኩርቱን ሾርባ ውስጥ ቀቅሎ መብላት ይሻላል።

አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ በሳምንት ገደማ በራሱ ይድናል፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን የመጨረሻ የጠጣነው ነው። አደጋው የሚመጣው ሕመሙ ስትሬፕቶኮከስ በተባለው ባክቴሪያ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በዋዮሚንግ ጦር ሰፈር ቶንሲላቸው የመገለ ወታደሮችን ለሁለት ከፈለ። ፔኒሲሊን ከተወጉት 800 ያህል ሰዎች በሩማቲክ ትኩሳት የተያዙት 2 ሲሆኑ፣ ካልተወጉት ተመሳሳይ ቁጥር ውስጥ ግን 17 ነበሩ። ይህ ትኩሳት የልብን ቫልቭ ያበላሻል። በአገራችን ዛሬም ወጣቶች ለልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ የሚጠብቁት በአብዛኛው በዚሁ ጦስ ነው።

ስለዚህ ልጅዎ ሳልና ንፍጥ ሳይኖረው ትኩሳት ከያዘው፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ከታየ፣ አንገቱ ሥር ያሉት እጢዎች አብጠው ሲነኩ ካመሙት፣ ዝንጅብሉን እያጠጡ ቀን አይቁጠሩ። ፔኒሲሊን ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ ልብን ያድናል። መዋጥ ካቃተው፣ ምራቁ ከተዝረከረከ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ይውሰዱት።