ሲቪን የሚያደክሙ ባዶ ቃላት፦ እንዴት ይለያሉ? በምን ይተካሉ?

በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ የሚወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ከትምህርት ደረጃና ከሥራ ልምድ ቀጥሎ «ታታሪ»፣ «ውጤት ተኮር»፣ «በቡድን መሥራት የሚችል»፣ «የሥራ ጫናን የሚቋቋም» የሚሉ መመዘኛዎች ይደረደራሉ። አመልካቾችም እነዚህኑ ቃላት ወስደው የሲቪያቸው መግቢያ ያደርጓቸዋል። ቀጣሪው የገዛ ማስታወቂያው ተመልሶ ይደርሰዋል ማለት ነው።

ቃላቱ ስህተት ሆነው አይደለም። ችግራቸው አንዱን አመልካች ከሌላው አለመለየታቸው ነው። ባዶ መሆናቸውን ለማወቅ ሁለት ቀላል መፈተኛዎች አሉ። የመጀመሪያው ተቃራኒውን መጻፍ ነው፦ «ሰነፍ ነኝ» ወይም «ከሰው ጋር መሥራት አልችልም» ብሎ የሚያመለክት ስለሌለ፣ «ታታሪ ነኝ» የሚለውም ለአንባቢው አዲስ ነገር አይነግረውም። ሁለተኛው ስም መለወጥ ነው። ከዓረፍተ ነገሩ በላይ ያለውን ስም አጥፍተው የአብሮ አደግዎን ስም ቢጽፉበት እውነት ሆኖ ከቀጠለ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ስለ እርስዎ የተጻፈ አይደለም።

ለምሳሌ በአንድ ሆስፒታል የመድኃኒት መጋዘን የሠራች አንዲት ባለሙያ፣ በረድኤት ድርጅት ውስጥ ለተመሳሳይ ሥራ ስታመለክት እንዲህ ጻፈች እንበል፦

«ታታሪ፣ ውጤት ተኮርና በቡድን የመሥራት ብቃት ያለኝ ባለሙያ ነኝ። በንብረት አስተዳደር የበርካታ ዓመታት ልምድ አለኝ። የመጋዘኑን የዕለት ተዕለት ሥራ በኃላፊነት ስመራ ቆይቻለሁ።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በሁለቱም መፈተኛዎች ይወድቃል። ሁለተኛው የሚታወቀውን ቁጥር ይደብቃል፤ «በርካታ» ሦስትም አሥራ ሦስትም ሊሆን ይችላል፣ ቀጣሪው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛውን ይገምታል። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ አሳሳች ነው። ሥራ የተገለጸ ይመስላል፣ ነገር ግን የሚነግረን የሥራ መደቡን ብቻ ነው። በዚያ መደብ ላይ ተቀምጦ ምንም ያልሠራ ሰውም ያንኑ ሊጽፍ ይችላል። «ተሳትፌያለሁ»፣ «አስተባብሬያለሁ»፣ «የበኩሌን አስተዋጽኦ አበርክቻለሁ» የሚሉትም የዚሁ ወገን ናቸው።

መፍትሔው ሌላ ያማረ ቅጽል መፈለግ አይደለም። በእያንዳንዱ ባዶ ቃል ፊት «ምን ሠርቼ ነው ይህን ያልኩት?» ብሎ መጠየቅ ነው። ባለሙያዋ «ታታሪ» ስትል በልቧ የነበረው በየወሩ መጨረሻ ሳታሳልፍ የምታካሂደው ቆጠራ ነበር። «ውጤት ተኮር» ያለችው መድኃኒት ጊዜው አልፎበት እንዳይጣል ያደረገችውን ጥረት ነው። ይህ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

«ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም. ባለ 120 አልጋ ሆስፒታል የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ሠርቻለሁ። ገቢውን በሞዴል 19፣ ወጪውን በሞዴል 22 መዝግቤያለሁ። በየወሩ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ቆጠራ አካሂጄ ከቢን ካርዱ ጋር አመሳክሬያለሁ። የአገልግሎት ጊዜያቸው ሊያበቃ ስድስት ወር የቀራቸውን መድኃኒቶች ለይቼ ለፋርማሲው ኃላፊ በዝርዝር አሳውቄያለሁ።»

«ታታሪ» የሚለው ቃል የለም፤ አንባቢው ግን ራሱ ይደርስበታል። «በቡድን» የሚለውም በሁለቱ ባልደረቦች ተተክቷል። ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 የመንግሥት ንብረት የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው ቅጾች ስለሆኑ፣ መጋዘን የሚያውቅ ቀጣሪ ወዲያውኑ ሙያተኛ መሆኗን ይረዳል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ቁጥር ጥሩ ነው ሲባል ሰምተው «ብክነትን በ40 በመቶ ቀንሻለሁ» ብለው የሚጽፉ አሉ። ከምን ወደ ምን እንደቀነሰና በምን እንደተለካ በቃለ መጠይቅ ላይ ሲጠየቁ መልስ ካልተገኘ፣ ጉዳቱ ከባዶ ቃሉ ይብሳል። የተለካ ነገር ከሌለ የሥራውን ስፋት መናገር ይበቃል፦ ስንት አልጋ፣ ስንት ባልደረባ፣ በየስንት ጊዜው።

ሁሉም የተለመደ ቃል ደግሞ አይሰረዝም። የሙያ፣ የመሣሪያና የሶፍትዌር ስሞች፣ ለምሳሌ ፒችትሪ፣ ኤክሴል ወይም የመንጃ ፈቃድ ደረጃ፣ በእያንዳንዱ ሲቪ ላይ ቢደጋገሙም መረጃ ናቸው። ማመልከቻዎችን በኮምፒውተር የሚያጣሩ ድርጅቶችም የሚፈልጉት በአብዛኛው እንዲህ ያሉትን ስለሆነ፣ በማስታወቂያው ላይ እንደተጻፉት ማስቀመጥ ይገባል።

«ዕውቀቴንና ክህሎቴን ተጠቅሜ ለድርጅቱ ዕድገት መሥራት» የሚለው የዓላማ አንቀጽና «ምስክሮች በተጠየቁ ጊዜ ይቀርባሉ» የሚለው መዝጊያ ግን ማስታወቂያው ካልጠየቃቸው በቀር ምትክ እንኳ አያስፈልጋቸውም። ቢሰረዙ ለአንድ ተጨማሪ የሥራ መግለጫ የሚሆን ቦታ ይለቃሉ።