የሩብ ዓመት የሽያጭ ትንበያ በተንቀሳቃሽ አማካይ

የሩብ ዓመት የሽያጭ ትንበያ በተንቀሳቃሽ አማካይ ያለፉ ሩብ ዓመታትን የሽያጭ መዝገብ ተጠቅሞ የቀጣዩን ሩብ ዓመት የዕቃ ፍላጎት የመገመቻ ስሌት ነው። ስሌቱ ሽያጩን በሁለት ይከፍለዋል፦ አንደኛው ገበያው ቀስ እያለ የሚያድግበት ወይም የሚቀንስበት አዝማሚያ ሲሆን ሁለተኛው በየዓመቱ በተመሳሳይ ጊዜ የሚደጋገመው የወቅት ለውጥ ነው። ሁለቱ ለየብቻ ከተሰሉ በኋላ ተባዝተው ትንበያውን ይሰጣሉ። ዘዴውን በስፋት ካስተዋወቁት መካከል ካናዳዊው ፍሬድሪክ ማኮሌይ እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ ይታወቃል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው ኤክስ-11 የተባለው ስሌትም በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው።

ይህ ጽሑፍ ዘዴውን የሁለት ዓመት መዝገብ ብቻ ላለው የአዲስ አበባ መርካቶ ጅምላ ነጋዴ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል።

## ሩብ ዓመቱና የኢትዮጵያ አቆጣጠር

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መርካቶ በዕቃ ዓይነት በ«ተራ» የተከፋፈለ ነው። ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ጎማ ተራ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ወቅት አላቸው። የሸማ ገበያ በዓላትን ይከተላል፤ የቆርቆሮ ደግሞ ግንባታ የሚበዛበትን በጋ። ስለዚህ ትንበያው የሱቁን ጠቅላላ ሽያጭ ሳይሆን አንድን የዕቃ ዓይነት ለብቻው ይዞ መሥራት አለበት።

የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። አንደኛው ሩብ ዓመት ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ሁለተኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ሦስተኛው ከጥር እስከ መጋቢት፣ አራተኛው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው። ጳጉሜን የምትውለው በአንደኛው ውስጥ ስለሆነ አንደኛው ሩብ ዓመት 95 ወይም 96 ቀን ሲኖረው ሌሎቹ 90 ቀን አላቸው። ይህ ልዩነት በየዓመቱ ስለሚደጋገም ስሌቱ ራሱ ከወቅቱ ጋር አብሮ ይይዘዋል፤ የተለየ ማስተካከያ አያስፈልገውም።

## ምን ይመዘገባል?

ሽያጩ በብር ሳይሆን በብዛት፣ ማለትም በደርዘን፣ በጣቃ ወይም በኩንታል ቢመዘገብ ይሻላል። የብር መዝገብ የዋጋ ጭማሪን ከፍላጎት ዕድገት ጋር ያቀላቅላል። በዱቤ የወጣ ዕቃም ገንዘቡ በተከፈለበት ቀን ሳይሆን ዕቃው ከሱቅ በወጣበት ቀን መጻፍ አለበት። አለበለዚያ የመስከረም ሽያጭ በኅዳር ተመዝግቦ ይገኛል።

ሽያጭና ፍላጎትም አንድ አይደሉም። ዕቃው አልቆ ገዢ ባዶ እጁን የተመለሰበት ጊዜ ካለ መዝገቡ የሚያሳየው የተሸጠውን እንጂ የተፈለገውን አይደለም። እንዲህ ያለውን ጊዜ በመዝገቡ ላይ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል።

## የተሠራ ምሳሌ

አንድ የደብተር ጅምላ ነጋዴ በ2016 እና በ2017 የበጀት ዓመት የሸጠው በደርዘን እንደሚከተለው ነው እንበል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ስለሆነ አንደኛው ሩብ ዓመት ከሌሎቹ እጅግ ይበልጣል።

| ሩብ ዓመት | 2016 | 2017 |
|---|---|---|
| አንደኛ | 820 | 900 |
| ሁለተኛ | 360 | 400 |
| ሦስተኛ | 300 | 320 |
| አራተኛ | 240 | 260 |

የሚፈለገው የ2018 አንደኛ ሩብ ዓመት ሽያጭ ነው።

1. ተንቀሳቃሽ አማካይ። አራት ተከታታይ ሩብ ዓመታት ተደምረው ለአራት ይካፈላሉ። በአራቱ ውስጥ ሁሉም ወቅቶች አንድ አንድ ጊዜ ስለሚገኙ የወቅቱ ውጣ ውረድ ይጠፋል። ከዚያ የመጀመሪያው ቁጥር ተጥሎ ቀጣዩ ይገባል። በምሳሌው አማካዮቹ 430፣ 450፣ 460፣ 465 እና 470 ይሆናሉ።

2. መሐል ላይ ማድረግ። የአራት ቁጥሮች አማካይ መሐሉ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሩብ ዓመት መካከል ያርፋል፤ የአንዱም አይደለም። ስለዚህ ሁለት ተከታታይ አማካዮች እንደገና ተደምረው ለሁለት ይካፈላሉ። 430 እና 450 ተደምረው ሲካፈሉ የሚገኘው 440 የ2016 ሦስተኛ ሩብ ዓመት ነው። ቀጥሎ ለ2016 አራተኛ 455፣ ለ2017 አንደኛ 462.5፣ ለ2017 ሁለተኛ 467.5 ይገኛል። ሽያጩ በሰንጠረዥ ማስሊያ ፕሮግራም ከ`B2` እስከ `B9` በተርታ ከተጻፈ በ`C4` የሚገባው ቀመር ይህ ነው፦

```
=(AVERAGE(B2:B5)+AVERAGE(B3:B6))/2
```

3. የወቅት መለኪያ። የእያንዳንዱ ሩብ ዓመት ትክክለኛ ሽያጭ ለመሐላዊ አማካዩ ይካፈላል። ለ2017 አንደኛ ሩብ ዓመት 900 ለ462.5 ሲካፈል 1.946 ነው። በዚሁ መንገድ የሁለተኛው 0.856፣ የሦስተኛው 0.682፣ የአራተኛው 0.527 ይሆናል። የአራቱ ድምር 4 መሆን ሲገባው 4.011 ስለሆነ እያንዳንዱ በ4 ተባዝቶ ለ4.011 ይካፈላል። የመጨረሻዎቹ መለኪያዎች 1.941፣ 0.853፣ 0.680 እና 0.526 ናቸው። 1.941 ማለት በአንደኛው ሩብ ዓመት ደብተር የሚሸጠው ከተለመደው አማካይ ሩብ ዓመት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው ማለት ነው።

4. አዝማሚያ። የ2016 አማካይ 430፣ የ2017 ደግሞ 470 ነው። በዓመት የ40፣ በሩብ ዓመት የ10 ደርዘን ዕድገት አለ። 470 የሚወክለው የ2017ን መሐል ነው፤ ከዚያ እስከ 2018 አንደኛ ሩብ ዓመት ድረስ ሁለት ተኩል ሩብ ዓመት አለ። ስለዚህ ወቅቱ ያልገባበት ግምት 470 + 2.5 × 10 = 495 ነው።

5. ትንበያ። 495 × 1.941 ወደ 961 ደርዘን ይጠጋል። ወቅቱን ረስቶ የመጨረሻውን ዓመት አማካይ 470ን የሚያዝዝ ነጋዴ ለትምህርት መክፈቻ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህል ብቻ ይዞ ይገኛል።

## ግምቱን መፈተሽ

ተንቀሳቃሽ አማካዩ በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት ሩብ ዓመታትን ሳይሸፍን ይቀራል። እነዚህ አራቱ መለኪያዎቹ ሲሰሉ ከአማካያቸው ጋር ስላልተነጻጸሩ ለመጠነኛ ፍተሻ ያገለግላሉ። አዝማሚያው በየጊዜው በመለኪያው ተባዝቶ ከእውነተኛው ሽያጭ ጋር ይነጻጸራል።

| ሩብ ዓመት | ስሌቱ | እውነተኛው |
|---|---|---|
| 2016 አንደኛ | 806 | 820 |
| 2016 ሁለተኛ | 363 | 360 |
| 2017 ሦስተኛ | 323 | 320 |
| 2017 አራተኛ | 255 | 260 |

እዚህ ስሕተቱ ከ2 በመቶ አይበልጥም፤ ለማስረዳት የተመረጡ ቁጥሮች ስለሆኑ ነው። በእውነተኛ መዝገብ ልዩነቱ ይሰፋል። ፍተሻውም ሙሉ አይደለም፣ ምክንያቱም አዝማሚያው ራሱ የተሰላው ከስምንቱም ቁጥሮች ነው። ሆኖም ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ በጣም ከራቀ የዚያ ሩብ ዓመት መለኪያ መመርመር እንዳለበት ያመለክታል።

## አንድ ወቅት፣ አንድ ምስክር

የሁለት ዓመት መዝገብ ዋናው ድክመት ከሦስተኛው ደረጃ ይነሣል። ስምንት ቁጥሮች ቢኖሩም መሐላዊ አማካይ የሚገኘው ለአራቱ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ወቅት መለኪያውን የሚያገኘው ከአንድ ዓመት ብቻ ነው፦ አንደኛውና ሁለተኛው ሩብ ዓመት ከ2017፣ ሦስተኛውና አራተኛው ከ2016። በዚያ አንድ ጊዜ የተለየ ነገር ከተፈጠረ ስሌቱ በየዓመቱ እንደሚደጋገም ወቅት ይቆጥረዋል። የሁለቱ ዓመታት የመርካቶ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል።

ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ያደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ይህ ቀን የ2017 የበጀት ዓመት አንደኛ ሩብ ዓመት ውስጥ ይውላል። ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ይል የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሽያጩን በብር የመዘገበ ነጋዴ የዋጋውን ዝላይ በአንደኛው ሩብ ዓመት መለኪያ ውስጥ ያስገባል፤ ስሌቱም የ2018 ሐምሌም እንዲሁ እንደሚዘል ይነግረዋል።

ሁለተኛው ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ላይ የደረሰው የእሳት ቃጠሎ ነው። ለሸማ ተራ ነጋዴ የሁለተኛው ሩብ ዓመት ብቸኛ ምስክር ይህ የቃጠሎ ጊዜ ነው። ሱቁ ከተቃጠለ መለኪያው ከሚገባው በታች ይወርዳል፤ ሱቁ ተርፎ የሌሎቹን ገዢ ካስተናገደ ከሚገባው በላይ ይወጣል። በዚህ ጊዜ የ2016 ሁለተኛ ሩብ ዓመት ሽያጭ ከአዝማሚያው ጋር ተነጻጽሮ በምትኩ መለኪያ ይሆናል። በምሳሌው 360 ለ425 ሲካፈል 0.847 ስለሚሆን ከ0.853 ጋር ይቀራረባል።

ሦስተኛው የሚዘዋወር በዓል ነው። በ2016 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ቀን ስለዋለ የበዓሉ ገበያ ሙሉ በሙሉ በአራተኛው ሩብ ዓመት ውስጥ ነበር። በ2018 ዓ.ም. ግን በዓሉ ሚያዝያ 4 ቀን ስለሆነ አብዛኛው የበዓል ሸመታ በመጋቢት፣ ማለትም በሦስተኛው ሩብ ዓመት ላይ ይወድቃል። የበዓል ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ የ2016ን መለኪያ እንዳለ ቢጠቀም ለመጋቢት ያንሰዋል፣ ለሚያዝያ ይተርፈዋል። የረመዳንና የዒድ ገበያም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተመለሰ ስለሚመጣ ተመሳሳይ ችግር አለው። የትንሣኤ ቀን በባሕረ ሐሳብ አስቀድሞ ስለሚታወቅ መፍትሔው የበዓሉን ሽያጭ ከመዝገቡ ለይቶ ማውጣት፣ ቀሪውን መተንበይ፣ ከዚያም በዓሉ በሚውልበት ሩብ ዓመት ላይ መልሶ መደመር ነው።

ሦስተኛ ዓመት ሲጨመር እያንዳንዱ ወቅት ሁለት ምስክር ያገኛል። ሁለቱ ከተቀራረቡ አማካያቸው ይወሰዳል፤ ከተራራቁ አንዱ ላይ የተለየ ነገር እንደነበረ ይታወቃል።