ዘፈቀዳዊ የቦታ ውጤት

አንድ ተማሪ በድሬ ጠያራ 8 የውኃ ጉድጓዶችን ለ12 ወራት በየወሩ ለክቶ 96 የናይትሬት ልኬቶች ሰበሰበ እንበል። ናይትሬቱ ከፍ ያለ ጉድጓድ በሚቀጥለውም ወር ከፍ ማለቱ ስለማይቀር፣ ልኬቶቹ እርስ በርስ ነጻ አይደሉም። ከጠቅላላው ልዩነት ግማሹ በጉድጓዶች መካከል ከሆነ፣ አማካዩን ለመገመት 96ቱ የ15 ያህል ነጻ ልኬቶች ዋጋ ብቻ አላቸው። ተራ ሪግሬሽን ይህን ስለማያይ የአማካዩን የስህተት ህዳግ ያሳንሳል። ቅይጥ ሞዴል ግን ለየጉድጓዱ የራሱን መነሻ ይሰጣል፦

```
nitrate ~ season + (1 | site)
```

የበጋና የክረምት ንጽጽርም በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ስለሚሆን ይጠራል። ቦታውን እንደ ዘፈቀዳዊ ውጤት ለማስገባት በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ መጻፍ ያለበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ጉድጓዶቹ የብዙ ሌሎች ናሙና መሆናቸውም ይጨመር። ጉድጓዶቹ ሦስት ወይም አራት ብቻ ከሆኑ ልዩነታቸው በአስተማማኝ ሁኔታ አይገመትም፤ ያኔ ቦታውን እንደ ቋሚ ውጤት ማስገባት ይሻላል።