የማንቆርቆሪያና የቧንቧ ኖራ ማስለቀቅ

የኖራ ቅርፊት ማዕድን የበዛበት ውሃ በተደጋጋሚ ሲፈላ ወይም ሲተን በማንቆርቆሪያ ውስጥና በቧንቧ አፍ ላይ የሚጋገር ነጭ ወይም ግራጫ ደረቅ ንብርብር ነው። ዋና ክፍሉ ካልሲየም ካርቦኔት (CaCO₃) ሲሆን፣ ይህ የኖራ ድንጋይም የእንቁላል ቅርፊትም የተሠሩበት ውህድ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት በውሃ ብቻ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ በደካማ አሲድ ግን በቀላሉ ይሟሟል። ስለዚህ በቤት ውስጥ ሎሚ፣ አቼቶ ወይም ሲትሪክ አሲድ ለዚሁ ሥራ ይውላሉ። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን ሁኔታ ያያል።

## በአርባ ምንጭ አካባቢ ያለው ውሃ

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው በከፍታው ግርጌ፣ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ደን ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። የከተማዋ የቧንቧ ውሃም ለረጅም ጊዜ በዋናነት የተቀዳው ከእነዚሁ ምንጮች ነው። በደጋው ላይ የሚዘንበው ዝናብ በአፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ በመጠኑ አሲዳማ ይሆናል። ከዚያም በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሲጓዝ ካልሲየምና ማግኒዚየም እያሟሟ ይወርዳል። ውሃው ከመሬት በታች ብዙ በቆየ መጠን የሚይዘው ማዕድንም ባብዛኛው ይጨምራል። እንዲህ ያለው ማዕድን የበዛበት ውሃ በኬሚስትሪ ትምህርት «ጠንካራ ውሃ» ይባላል።

የውሃው ጥንካሬ ግን በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። በጨንቻ ደጋ ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ማዕድን የለውም ለማለት ይቻላል፤ ቆላ ላይ ከተቆፈረ ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ደግሞ ከዚያ በጣም ሊለይ ይችላል። ልዩነቱን ያለ ላቦራቶሪ በግምት ለማወቅ ሁለት ተመሳሳይ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይበቃሉ። በአንዱ የዝናብ ውሃ፣ በሌላው የቧንቧ ውሃ እስከ ግማሽ ድረስ ይሞላና በሁለቱም እኩል የተፈቀፈቀ ደረቅ የልብስ ሳሙና ተጨምሮ ይናጣል። ጠንካራው ውሃ ትንሽ አረፋ ብቻ አውጥቶ እርጎ የመሰለ ነጭ ድፍርስ ይሆናል። የዱቄት ሳሙና ለዚህ ሙከራ አይሆንም፤ በጠንካራ ውሃም ቢሆን አረፋ እንዲያወጣ ተደርጎ የተሠራ ነውና።

ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ባይካርቦኔት ሲሞቅ እንደሚከተለው ይፈርሳል፦

Ca(HCO₃)₂ → CaCO₃ + CO₂ + H₂O

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጨንቻ ላይ ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህ ልዩነት ኖራን አያስቀርም፤ ቅርፊቱ መፈጠር የሚጀምረው ውሃው ገና ሳይፈላ ነውና።

ቅርፊቱ ለጤና ጎጂ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ጥንካሬ ላይ በጤና ምክንያት ያስቀመጠው የመጠን ገደብ የለም፤ በሊትር 200 ሚሊ ግራም ገደማ ያለፈ ጥንካሬ ግን በዕቃና በቧንቧ ላይ ቅርፊት ሊያስከትል እንደሚችል ይገልጻል። ጉዳቱ ሌላ ነው። ቅርፊቱ ሙቀትን ስለሚከላከል የማንቆርቆሪያው ማሞቂያ ከመጠን በላይ እየጋለ ዕድሜው ያጥራል፣ የቧንቧውም ፍሰት ይቀንሳል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የሚያሳስበው ፍሎራይድ ደግሞ የተለየ ጉዳይ ነው። ውሃን ማፍላትም ሆነ ኖራን ማስለቀቅ ፍሎራይድን አያስወግድም።

## አሲዱ ምን ያህል ይበቃል?

አሲድ ቅርፊቱን ሲነካ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአረፋ መልክ ይወጣል፣ ካልሲየሙም ወደ ፈሳሹ ይገባል። እያንዳንዱ ግራም ኖራ የተወሰነ መጠን ያለው አሲድ ይጨርሳል። «በሎሚ አሸሁት፣ አልለቀቀም» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አሲዱ ስላነሰ እንጂ ሎሚ ስለማይሠራ አይደለም።

ለምሳሌ በሲቀላ አንድ ሻይ ቤት ያለ 1.7 ሊትር የሚይዝ ከማይዝግ ብረት የተሠራ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ አዲስ ሳለ ባዶው 850 ግራም ይመዝን ነበር እንበል። አሁን ደርቆ ሲመዘን 860 ግራም ሆነ፤ 10 ግራም ኖራ ይዟል ማለት ነው። ይህን ለማሟሟት በስሌት 13 ግራም ያህል ሲትሪክ አሲድ ይበቃል። ነገር ግን አሲዱ እያለቀ ሲሄድ ሥራው በጣም ስለሚዘገይ እጥፍ ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ያለ መጠን ይወሰዳል። ስለዚህ 30 ግራም፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ በአንድ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል።

አቼቶ ከሆነና መለያው ላይ 5 በመቶ የሚል ካለ፣ ለዚያው 10 ግራም ኖራ ዝቅተኛው መጠን ሩብ ሊትር ገደማ ነው፤ በተግባር ግማሽ ሊትር አቼቶ ከግማሽ ሊትር ውሃ ጋር ይቀላቀላል። የአገራችን ትንሽ ሎሚ አንዱ በግምት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጭማቂ ቢሰጥ፣ በውስጡ ያለው ሲትሪክ አሲድ አንድ ግራም ተኩል ያህል ነው። እንግዲህ ለዚህ ማንቆርቆሪያ ወደ ሃያ ሎሚ ሊያስፈልግ ነው። ሎሚ ለቀጭን ቅርፊትና ለቧንቧ ይመረጣል፤ ለወፍራም ቅርፊት ዱቄቱ ሲትሪክ አሲድ ይረክሳል፣ ሽታም የለውም።

## ማንቆርቆሪያን ማጽዳት

በመጀመሪያ ማንቆርቆሪያው ከሶኬት ይነቀላል። አንድ ሊትር ለብ ያለ፣ እጅ የሚችለው ውሃ ይጨመርና ሲትሪክ አሲዱ በጥቂት በጥቂቱ ይበተናል። አንድ ላይ ከተደፋ አረፋው ሊገነፍል ይችላል። ክዳኑ ተከፍቶ፣ ማንም ጠጥቶት እንዳይሳሳት ምልክት ተደርጎበት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል። የዕቃው የኤሌክትሪክ መገናኛ ያለበት ታች ክፍል ውሃ ውስጥ አይነከርም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሲዱን ከነማንቆርቆሪያው በማፍላት ነው። ለብ ያለ ሙቀት ሥራውን ያፋጥናል፤ መፍላት ግን ሁለት ችግር ያመጣል። አቼቶ ሲፈላ እንፋሎቱ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ሲትሪክ አሲድ ደግሞ ካልሲየም ሲትሬት የሚባል ነጭ ዝቃጭ ሊሠራ ይችላል፤ ይህ ዝቃጭ በሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛ ይልቅ አነስ ብሎ የሚሟሟ ስለሆነ ተመልሶ ዕቃው ላይ ይጣበቃል። ያጸዳ ሰው «ኖራው ተመለሰ» የሚለው ይህንን ነው።

አረፋው ሲቆም ቅርፊቱ አልቆ ይሁን አሲዱ ደክሞ የሚለየው በቀላል ዘዴ ነው። ፈሳሹ ይደፋና ቀሪው ነጭ ቦታ ላይ ትንሽ አዲስ አሲድ ይንጠባጠባል። እንደገና ከተፍለቀለቀ ያለቀው አሲዱ ነውና ሥራው በአዲስ ፈሳሽ ይደገማል። ምንም ካልተፍለቀለቀ ቀሪው ካርቦኔት አይደለም። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ አካባቢ ያለ ውሃ ሲሊካም ሊይዝ ይችላል፤ ሲሊካው መስታወት የመሰለ ጠንካራ ንብርብር ሲሠራ ሎሚም አቼቶም አይነኩትም። ያኔ ኃይለኛ አሲድ መፈለግ ትክክል አይደለም፤ የሴራሚክና የሽንት ቤት ማጽጃ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የማይዝገውን ብረት ይበሳሳል። በቢላዋ መፋቅም ዕቃውን ስለሚጭር አዲሱ ኖራ የሚይዝበትን ቦታ ያበዛለታል።

በመጨረሻ ዕቃው በንጹህ ውሃ ይታጠባል፣ ሁለት ጊዜ ውሃ ሞልቶ ይፈላና ይደፋል።

የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ ከዚህ ይለያል። አሲድ ብረቱን ራሱን ስለሚበላ ቀጠን ያለ ፈሳሽ ለአሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ይገባበትና ወዲያው ይታጠባል፤ ማሳደር ክልክል ነው። ጀበና ላይ ደግሞ አሲድ ባይሞከር ይሻላል፤ ሸክላው ፈሳሹን ይመጥጠዋል፣ ጣዕሙም ከቡናው ጋር ይወጣል።

## ቧንቧን ማጽዳት

የቧንቧ ውሃ ተበታትኖ ወይም ወደ ጎን እየረጨ ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ የተደፈነው አፉ ላይ ያለው ትንሽ ወንፊት ነው። ወንፊቱ በእጅ ወይም በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ተፈትቶ በአቼቶ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይነከርና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታሻል። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣ አሸዋና ዝገትም እዚሁ ይጠራቀማል፤ ቡናማ ከሆነና ካልተፍለቀለቀ ኖራ አይደለም፣ በመታጠብ ብቻ ይወጣል።

የማይፈታ ከሆነ በሎሚ ጭማቂ ወይም በአቼቶ የራሰ ጨርቅ የቧንቧው አፍ ላይ ይጠቀለልና እንዳይደርቅ በፌስታል ይታሰራል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተፈትቶ በደንብ ይታጠባል። ካልለቀቀ ሌሊቱን ከማሳደር በአጭር በአጭሩ መደጋገም ይበጃል። የሚያብረቀርቀው የክሮም ቅብ ስንጥቅ ካለው አሲዱ ከሥር ያለውን ብረት ያገኘዋል፤ ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ነጠብጣብ ከታየ ቅቡ አልቋል ማለት ነው፣ መቀጠል አይገባም። ዚንክ የተቀባ የብረት ቧንቧም በአሲድ ይጎዳል። እብነ በረድና የሲሚንቶ ወለል ደግሞ ራሳቸው ካርቦኔት ስላለባቸው የፈሰሰው ጠብታ ወዲያው በውሃ መታጠብ አለበት።

## ከበረኪና ጋር አለመቀላቀል

በዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ ከአሲዱ ብቻ አይመጣም፤ አሲዱ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ነው። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ስለሆነ አቼቶም ሆነ ሎሚ ሲነካው የክሎሪን ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ ሳንባን ይጎዳል፣ በጠባብና መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ የሚሸጡ የክሎሪን ፈሳሾችም የዚሁ ውህድ ናቸው። አደጋው የሚደርሰው ሆን ተብሎ በመቀላቀል ብቻ አይደለም፤ ጠዋት በበረኪና የታጠበ መታጠቢያ ላይ ከሰዓት አቼቶ ሲፈስስም ይደርሳል። ስለዚህ ቦታው በመጀመሪያ በብዙ ውሃ ይታጠባል፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ባይሠራባቸው ይመረጣል።

የሚያፍን ሽታ ከመጣ ምንም ሳይነኩ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት፣ በርና መስኮት መክፈት ይገባል፤ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከቀጠለ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ በሚፈስ ንጹህ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል። ውሃ በሚጠፋበት ቀን ይህን ሥራ ከመጀመር በፊት በጄሪካን የተቀዳ ውሃ አጠገብ ማኖር የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።