የክሬዲት ካርድ ዕዳ የሚከፈልበት ትክክለኛ ቀን እንዴት ይታወቃል?

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ባንኮች ለክሬዲት ካርድ በሚያወጡት ማስታወቂያ «እስከ 55 ቀን ያለ ወለድ» የሚል አገላለጽ ይታያል። በርካታ ደንበኞች ይህን ሲያነቡ ከእያንዳንዱ ግዢ በኋላ 55 ቀን የተሰጣቸው ይመስላቸዋል። ስህተቱ የሚጀምረው «እስከ» የምትለውን ቃል ከመዝለል ነው።

የእፎይታው ጊዜ የሚቆጠረው ዕቃው ከተገዛበት ዕለት ሳይሆን ባንኩ የወሩን ሂሳብ ዘግቶ መግለጫ ካወጣበት ዕለት ጀምሮ ነው። ሂሳቡ በየወሩ በ8ኛው ቀን የሚዘጋና የ25 ቀን እፎይታ ያለው ካርድ እንውሰድ። ማርች 9 ቀን 2026 የተገዛ ዕቃ ኤፕሪል 8 በሚዘጋው ሂሳብ ውስጥ ይገባል፤ መክፈያውም ሜይ 3 ይሆናል። ይህ ገዢ በእርግጥም 55 ቀን አግኝቷል። ኤፕሪል 7 የገዛው ሰው ግን መክፈያው ያው ሜይ 3 በመሆኑ 26 ቀን ብቻ ይቀረዋል። ግዢው በሂሳቡ ላይ የተመዘገበው ከኤፕሪል 8 በኋላ ከሆነ ደግሞ ወደሚቀጥለው መግለጫ ይሻገርና መክፈያው ጁን 2 ይሆናል። ስለዚህ በመዝጊያው አካባቢ ለተፈጸመ ግዢ መታየት ያለበት ባንኩ ግዢውን የመዘገበበት ቀን ነው።

ቀኑን አንድ ጊዜ በቃል ይዞ መቀመጥም አያዋጣም። በዚሁ ካርድ የፌብሩዋሪው ሂሳብ ማርች 5፣ የማርቹ ኤፕሪል 2፣ የኤፕሪሉ ሜይ 3 ይከፈላል። 30 ቀን ያላቸውን የኢትዮጵያ ወራት ለለመደ ሰው ይህ መዋዠቅ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ የአውሮፓውያኑ ወራት ርዝመት እኩል አለመሆኑ ብቻ ነው። መክፈያውን በቋሚ ቀን የሚያደርጉ ባንኮችም ስላሉ፣ የራስ ስሌትና መግለጫው ከተለያዩ የሚጸናው በመግለጫው ላይ የታተመው ቀን ነው።

የታተመው ቀን ገንዘቡ ባንኩ ዘንድ የሚደርስበት እንጂ ደንበኛው የሚልክበት ቀን አይደለም። ሜይ 3 ቀን 2026 እሑድ፣ ማለትም የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ነው። ከሌላ ባንክ ወይም በገንዘብ መላኪያ ድርጅት በኩል የሚከፍል ሰው፣ ዝውውሩ የሥራ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ረቡዕ ኤፕሪል 29 ቢልክ ይሻለዋል። ዓርብ ዕለት ክፍያው በካርዱ ሂሳብ ላይ መታየቱን ካረጋገጠ፣ ካልታየም ባንኩን ለመጠየቅ ገና ጊዜ አለው።

እፎይታው የማይሠራባቸው ሁኔታዎች አሉ። በካርዱ ከኤቲኤም በወጣ ጥሬ ገንዘብ ላይ ወለድ የሚታሰበው ከወጣበት ዕለት አንሥቶ ነው። በመግለጫው ላይ ያለውን ዝቅተኛ ክፍያ ብቻ የከፈለ ሰውም ከመዘግየት ቅጣት ይድናል እንጂ ከወለድ አይድንም፤ ቀሪው ዕዳ እስኪከፈል ድረስ አዳዲስ ግዢዎቹም ያለ እፎይታ ወለድ ሊታሰብባቸው ይችላል።