ቅርጸ ገጽ ጥበቃ፦ ፎቶ የተነሣ ቅጽ ሲተረጎም

ቅርጸ ገጽ ጥበቃ ማለት አንድ ሰነድ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ፣ እያንዳንዱ ቃል በገጹ ላይ የነበረውን ቦታና በዚያ ቦታ ያገኘውን ትርጉም ሳያጣ መተርጎም ነው። በማተሚያ ቤትና በጽሕፈት ቤት ጽሑፍ፣ መስመርና ሥዕል በገጽ ላይ የሚደለደሉበት አኳኋን ‹‹ሌይአውት›› ይባላል። ‹‹አቀማመጥ›› የሚለው ቃልም ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን ሰውም ዕቃም ይቀመጣልና ብቻውን ሲቆም ስለ ገጽ መሆኑ አይለይም። ‹‹ቅርጽ›› ግን ከተከታዩ ቃል ጋር ሲናበብ ‹‹ቅርጸ›› ይሆናል፤ ‹‹ቅርጸ ቁምፊ›› የሚለውን የኮምፒውተር ተጠቃሚ አስቀድሞ ለምዶታል። ‹‹ቅርጸ ገጽ›› የዚያው ወንድም ነው።

ጉዳዩ ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ በቅጽ ላይ የሚበረታው ቅጽ ዓረፍተ ነገር ስለሌለው ነው። በደብዳቤ ‹‹የተወለድሁት ደብረ ወርቅ ነው›› ቢባል፣ ማን፣ ምን፣ የት የሚለውን ሰዋስው ራሱ ይናገራል። በቅጽ ላይ ግን በግራ ‹‹የትውልድ ቦታ›› የሚል ስያሜ ታትሟል፤ በቀኝ በነጠብጣቡ ላይ ‹‹ደብረ ወርቅ›› ተብሎ በእጅ ተጽፏል። ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው ጎን ለጎን መሆናቸው ብቻ ነው። ገጹ ሲፈርስ ሰዋስዉም አብሮ ይፈርሳል።

የምሥራቅ ጎጃም የቦታ ስሞች ይህን በግልጽ ያሳያሉ። ደብረ ወርቅ የሚገኘው በእናርጅ እናውጋ ወረዳ ነው። ‹‹ወረዳ›› ከሚለው ስያሜ የተነጠለ ‹‹እናርጅ እናውጋ›› ለትርጉም ፕሮግራም፣ አገሩን ለማያውቅ ተርጓሚም ቢሆን፣ እናርጅና እንጫወት የሚል ግብዣ ይመስላል። ደብረ ወርቅም የወርቅ ተራራ ወይም የወርቅ ገዳም ሊሆን ይችላል። ሞጣ ያለችበት የሁለት እጁ እነሴ ስም መጀመሪያ ደግሞ ቁጥር ይመስላል። ደስታ፣ ተስፋዬና አበበም የሰው ስም መሆናቸው የሚታወቀው ‹‹ስም›› ከሚለው ስያሜ አጠገብ ስለተጻፉ ነው። ስለዚህ አንድ ቃል በፍቺው ይተርጎም ወይስ ድምፁ ብቻ በሌላ ፊደል ይጻፍ የሚለውን የሚወስነው ስያሜው ነው። ስያሜው ይተረጎማል፤ የቦታና የሰው ስም የሆነው መልስ ድምፁን ይዞ ይሻገራል።

የቀን መሙያም እንዲሁ ነው። ለማሳያ ያህል የተሰናዳ አንድ የልደት ቅጽ ‹‹ቀን››፣ ‹‹ወር››፣ ‹‹ዓ.ም.›› የሚሉ ሦስት ስያሜዎች አሉት፤ ከሥራቸው 05፣ 13፣ 1990 ተጽፏል። ሦስቱ ስያሜዎች ከላይ እስካሉ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ጳጉሜን 5 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 10 ቀን 1998። ስያሜዎቹ ወድቀው 05/13/1990 የሚለው ብቻ ሲቀር፣ ወርን ከቀን የሚያስቀድም አሜሪካዊ አንባቢ ሜይ 13 ቀን 1990 ብሎ ያነበዋል። ባለቤቱ ከስምንት ዓመት በላይ አረጀ ማለት ነው። የከፋው ነገር ስሕተቱ ስሕተት አለመምሰሉ ነው፤ ቀኑ በአሜሪካ አቆጣጠር እንከን የለበትም፣ ፊደልም አልተዛባም። ጥንቁቅ ተርጓሚ የሦስቱንም ስያሜዎች ቦታ ይጠብቃል፣ የመጀመሪያውን ቀን እንዳለ ያስቀምጣል፣ የተቀየረውን ከጎኑ በቅንፍ ያክላል፤ በሁለቱም ላይ ወሩን በአኃዝ ሳይሆን በስም ይጽፋል።

ሠንጠረዥ ሌላ ጠባይ አለው። እዚህ አንድ ቃል ትርጉሙን የሚያገኘው ከሁለት አቅጣጫ ነው፤ ከላይ ካለው የዐምድ ርእስና በዚያው ረድፍ ካለው ስም። ሌላ ማሳያ እነሆ፦ የቤተሰብ ዝርዝር ነው፣ ስድስት ዐምዶች አሉት፤ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ዝምድና፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ክፍል። በሦስተኛው ረድፍ የሦስት ዓመት ሕፃን ተመዝግቧል፤ ትምህርት አልጀመረምና የመጨረሻው ሕዋስ ባዶ ነው። ከፎቶው ጽሑፍ የሚለቅም ፕሮግራም መስመሮቹን ትቶ ቃላቱን ብቻ በተርታ ካወጣ ባዶው ሕዋስ ይጠፋል። የቀጣዩ ረድፍ ተራ ቁጥር 4 ክፍተቱን ይሞላል፤ የሦስት ዓመቱ ሕፃን አራተኛ ክፍል ገባ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ሕዋስ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ስም በተራ ቁጥር ሥር፣ ዝምድና በስም ሥር ይውላል። የመድገሚያ ምልክትም (〃) አለ፤ ‹‹ልጅ›› አንድ ጊዜ ተጽፎ ከሥሩ ምልክቱ ብቻ ሲደረግ፣ የሚደግመው ከበላዩ ያለውን ነውና በዐምዱ ውስጥ ካልቆመ ምንም አይልም።

መድኃኒቱ ከትርጉም በፊት አጽሙን መሥራት ነው። በፎቶው ላይ ያሉት ረድፎችና ዐምዶች ይቆጠራሉ፤ በዚያው ልክ ባዶ ሠንጠረዥ ይዘጋጃል፤ ከዚያ ሕዋሱ አንድ በአንድ ይሞላል። በላይኛው ማሳያ አራት ሰዎች ካሉ 24 ሕዋሶች፣ ከስድስት ርእሶች ጋር 30 ይሆናሉ። ባዶው ሕዋስ ‹‹[ባዶ]›› የሚል ምልክት ቢደረግበት ይመረጣል፤ የተዘለለና የሌለ የሚለዩት በዚህ ነው። ሥራው ሲያልቅ ቆጠራው እንደገና 30 ካልሆነ አንድ ነገር ተንሸራቷል።

ምልክት ማድረጊያ ሣጥን ከሁሉም ትንሹ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተውም እርሱ ነው። የሚከተለው መስመር በቅጽ ላይ ይታይ፦

ወንድ ☑ ሴት □

ሣጥኑ ከቃሉ በኋላ መሆኑን ላስተዋለ ሰው የተመረጠው ‹‹ወንድ›› ነው። ሣጥን ከቃል በፊት የሚቆምባቸውን የውጭ አገር ቅጾች የለመደ ዓይን ግን ምልክቱን ከቀጣዩ ቃል ጋር አያይዞ ‹‹ሴት›› ብሎ ያነብባል። ማጣሪያው ያለው በመስመሩ ጫፍ ነው። መስመሩ በሣጥን ካለቀ ሣጥኑ የፊተኛው ቃል ነው፤ በሣጥን ከጀመረ የኋለኛው ነው። በትርጉሙም ሣጥኑ በዚያው ወገን ይቆማል፤ ያልተመረጠው አማራጭም ከነባዶ ሣጥኑ ይጻፋል። ‹‹ወንድ›› ብቻ ብሎ ማለፍ ጊዜ ያተርፋል፤ ነገር ግን ባለጉዳዩ ከምን መካከል እንደመረጠ ይደብቃል። የ X ምልክትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንዳንድ ቅጽ መምረጫ ነው፤ በትምህርት ቤት ደብተር ላይ ላደገ ዓይን ግን የስሕተት ምልክት ነው። የሚዳኘው በቅጹ ራስጌ ያለው ትእዛዝ ነው፤ እርሱም ሳይቀር ይተረጎማል።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ፎቶው ሲፈቅድ ነው። ባለጉዳዩ ደብረ ወርቅ ወይም ቢቸና ሆኖ ቅጹን በስልክ አንሥቶ አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ ሲልክ፣ ሥራው የሚሰምረው ወይም የሚበላሸው እዚያው ነው። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ስልኩ ቀጥ ብሎ ከላይ ተይዞ፣ አራቱም ማዕዘኖች እስኪታዩ ድረስ በመስኮት ብርሃን ይነሣል። ኤ4 ወረቀት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ እንዲደርሰው 2480 በ3508 ነጥብ ያስፈልጋል፤ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ ይበቃዋል። የመልእክት መተግበሪያ ፎቶን እንደ ሥዕል ሲልክ ያሳንሰዋልና እንደ ፋይል መላክ ይሻላል። በኪስ ታጥፎ የኖረ ወረቀት የእጥፋት መስመሩ እንደ ሠንጠረዥ መስመር ይታያል፤ ፕሮግራሙ ከሌለ ቦታ ዐምድ ይፈጥራል። ይህ ሲሆን የሠንጠረዡ ዐምዶች ከርእሶቹ በቁጥር ስለሚበልጡ ይታወቃል።

ጽሑፍ ለቃሚው ፕሮግራም ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቃሉ ያለበትን ቦታም እንዲያወጣ ማዘዝ ይቻላል። በነጻ የሚገኘው ቴሰራክት የአማርኛ ፋይል አለው፤ ትእዛዙ ይህ ነው፦

```
tesseract form.png out -l amh hocr
```

ከሚያወጣው ፋይል አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦

```
<span class='ocrx_word' title='bbox 212 640 395 688; x_wconf 91'>የትውልድ</span>
```

ከ `bbox` በኋላ ያሉት አራት ቁጥሮች የቃሉን ግራ፣ ላይ፣ ቀኝና ታች ጠርዝ በነጥብ ይናገራሉ፤ 91 ፕሮግራሙ በንባቡ ያለው እምነት ነው፣ ከመቶ። በከፍታ ከ640 እስከ 688 መካከል፣ ከ‹‹ቦታ›› ቀኝ ጠርዝ ወዲያ ያለው የዚህ ስያሜ መልስ መጻፊያ ነው። ፕሮግራሙ የሚታመነው ለታተመው ስያሜ ነው። በእስክሪብቶ የተጻፈውን መልስ ሰው አንብቦ፣ ቦታው በቁጥር በታወቀው መሙያ ውስጥ ያስገባዋል።

የቃላት ርዝመት ሌላ ፈተና ነው። በአማርኛ ‹‹ወ›› እና ‹‹ሴ›› ብቻ የሚጻፍበት ጠባብ ዐምድ የእንግሊዝኛውን ሙሉ ቃል አይችልም፤ ‹‹የአያት ስም›› የሚለው ስያሜም በእንግሊዝኛ ይረዝማል። ፊደሉን እስከማይነበብ ማሳነስ ወይም ርእሱን ማሳጠር መፍትሔ አይደለም። ዐምዱ ይሰፋል፣ ረድፉ ከፍ ይላል፣ አስፈላጊ ሲሆን ወረቀቱ ይጋደማል። የሚጠበቀው የሕዋሱ ስፋት ሳይሆን የሕዋሱ ተራ ነው። ከዚህ የተነሣ ፎቶውን የሚመስል ትርጉም ሁሉ ቅርጸ ገጹን የጠበቀ አይደለም፤ አንዳንድ የስልክ መተግበሪያ የተተረጎመውን ቃል በፎቶው ላይ ሲለጥፍ መልኩ ያምራል፣ ሣጥኑ ግን ከቃል በታች ይሸፈናል።

የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ደንብ በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም እንዲኖረው፣ ተርጓሚውም ትርጉሙ የተሟላና ትክክል መሆኑንና እርሱም ለመተርጎም ብቁ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ‹‹ሙሉ›› የሚለው ቃል የግርጌ ማስታወሻን፣ የቅጽ ቁጥርን፣ ቲተርንና ማህተምን ይጨምራል። የማህተሙ ጽሑፍ ማህተሙ ባረፈበት ቦታ በቅንፍ ይተረጎማል፦ ‹‹[ክብ ማህተም፦ …]››። ፊርማ ባለበት ‹‹[ፊርማ]››፣ ማህተም የሸፈነው ቃል ባለበት ‹‹[የማይነበብ]›› ይባላል፤ በግምት አይሞላም። የማህተሙን ክብ፣ ዓርማውንና ፊርማውን ከፎቶው ቆርጦ በትርጉሙ ላይ መለጠፍ ግን ቅርጸ ገጽ ጥበቃ አይደለም። ቅርጸ ገጽ የሚጠበቀው የት እንደነበሩ ለማመልከት ነው፤ ማህተሙ ራሱ የሚገኘው ከትርጉሙ ጋር በሚያያዘው ዋናው ቅጽ ላይ ነው።