የስማርት ቢዲንግ የመማሪያ ጊዜ

የስማርት ቢዲንግ የመማሪያ ጊዜ በጉግል አድስ የሚካሄድ የማስታወቂያ ዘመቻ አዲስ የጨረታ ስልት ሲጀምር ወይም የነበረው ስልት ጉልህ ለውጥ ሲደረግበት፣ ሥርዓቱ የሚያቀርበውን ዋጋ ከአዲሱ ሁኔታ ጋር እስኪያስማማ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት በጨረታ ስልቱ የሁኔታ ዓምድ ላይ Learning የሚል ቃል ይታያል። ስማርት ቢዲንግ የሚለው መጠሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 የተዋወቀ ሲሆን፣ Target CPA እና Maximize conversions ከሚያጠቃልላቸው ስልቶች መካከል ናቸው። በመማሪያ ጊዜ ውስጥ ቅንብሩን ደጋግሞ መለወጥ ውጤትን ያበላሻል፤ ዋናው ምክንያት በጠቅታና በትዕዛዝ መካከል ያለው የጊዜ ርቀት ነው።

ዋጋው እንዴት ይወጣል

አንድ ሰው በጉግል ላይ ፍለጋ ባደረገ ቁጥር ማስታወቂያ አስነጋሪዎች የሚወዳደሩበት ጨረታ ይካሄዳል። ስማርት ቢዲንግ ለእያንዳንዱ ጨረታ የተለየ ዋጋ ያቀርባል። የፈላጊውን መሣሪያ፣ አካባቢ፣ ሰዓትና ቋንቋ የመሳሰሉትን ምልክቶች አይቶ፣ ይህ ሰው ማስታወቂያውን ቢጫን ወደ ገዢነት የመለወጥ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ይገምታል። ጠቅታው ያስገኘው ተፈላጊ ድርጊት፣ ለምሳሌ የተሞላ የትዕዛዝ ቅጽ፣ ኮንቨርዥን ይባላል።

ነገሩን ለማየት በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ አየር ጤና አካባቢ ሶፋና አልጋ የሚሠራ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት እንዳለ እናስብ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተወሰዱ ናቸው። ባለቤቱ Target CPA መርጦ ለአንድ ትዕዛዝ 5 ዶላር ዒላማ አስቀምጧል። ሥርዓቱ የአንድን ፈላጊ የማዘዝ ዕድል ከመቶ 5 ብሎ ከገመተ፣ ለዚያ ጠቅታ በግርድፉ 25 ሳንቲም ያቀርባል። ዒላማው ወደ 3 ዶላር ቢወርድ ያው ፈላጊ 15 ሳንቲም ብቻ ይቀርብለታል፤ ስለዚህ ማስታወቂያው ቀደም ሲል ያሸንፋቸው የነበሩ ጨረታዎችን ይሸነፋል። ዒላማን መለወጥ ማለት እንግዲህ የሚገቡባቸውን ጨረታዎች፣ በዚያውም የሚመጡትን ሰዎች መለወጥ ነው።

የዘገየ ትዕዛዝ ችግር

ሶፋ የሚገዛ ሰው ማስታወቂያውን እንዳየ ወዲያው አያዝም። ከቤተሰቡ ይመክራል፣ ሌላ ቦታ ዋጋ ይጠይቃል፣ ቅዳሜን ይጠብቃል። የሥራ ቤቱ ዘመቻ በቀን 10 ዶላር አውጥቶ 40 ጠቅታና በመጨረሻ 2 ትዕዛዝ ያገኛል እንበል። ከትዕዛዞቹ ግማሹ በዕለቱ ይመጣል፣ የቀረው እስከ 6 ቀን ይዘገያል። የጉግል አድስ Conversions ዓምድ ትዕዛዙን የሚመዘግበው ጠቅታው በተደረገበት ቀን ስም እንጂ ትዕዛዙ በደረሰበት ቀን አይደለም።

ባለቤቱ ዓርብ ጠዋት የሐሙስን ሒሳብ ሲከፍት 10 ዶላር ወጪና 1 ትዕዛዝ ያያል። አንድ ትዕዛዝ 10 ዶላር ፈጀ፣ የዒላማው እጥፍ ማለት ነው። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ሐሙስ ቢያየው 2 ትዕዛዝና 5 ዶላር ሆኖ ያገኘው ነበር። እሱ ግን ደንግጦ ዒላማውን ወደ 3 ዶላር ያወርዳል። ጠቅታው ይቀንሳል፣ ትዕዛዙም በቀን ወደ አንድ ይወርዳል፤ በአራተኛው ቀን ዝምታው አሳስቦት ወደ 8 ዶላር ከፍ ያደርገዋል። አሁን ደግሞ ለአንድ ጠቅታ እስከ 40 ሳንቲም ስለሚቀርብ የቀኑ በጀት ቀድሞ ያልቃል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከመጀመሪያው ዒላማ ጠቅታዎች የተወለዱ ትዕዛዞች ገና እየገቡ ነው። ሰኞ የደረሰው ትዕዛዝ ከ5 ዶላሩ፣ ከ3 ዶላሩ ወይስ ከ8 ዶላሩ ዒላማ ጊዜ የመጣ እንደሆነ ሪፖርቱን አይቶ ለሚወስን ሰው መለየት ይከብደዋል። አንዱም ዒላማ በቂ ቀን ስላልቆየ የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይቻልም። በተለምዶ ለውጥ ሁሉ ትምህርቱን ከዜሮ ያስጀምራል ይባላል፤ አባባሉ የተጋነነ ነው። የተከማቸው ታሪክ አይጠፋም። የሚታጣው በአንድ ቅንብር ሥር ያለ የተረጋጋ የመለኪያ ጊዜ ነው።

በዚህ ላይ የዕድል መዋዠቅ አለ። በአማካይ በቀን 2 ትዕዛዝ የሚያገኝ ሰው፣ ምንም ሳይበላሽ፣ ከሰባት ቀን በአንዱ ገደማ ባዶ እጁን ያድራል። በሳምንት 14 ሲጠበቅ 8 ወይም 20 መምጣቱም የተለመደ ነው። ለእያንዳንዱ ባዶ ቀን ቅንብር የሚነካ ሰው የሚያስተካክለው ጥፋቱን ሳይሆን አጋጣሚውን ነው።

ምን ያህል መጠበቅ

ጉግል የሚሰጠው መመሪያ አንድ ስልት ከአዲስ ዓላማ ጋር እስኪስማማ እስከ 50 ኮንቨርዥን ወይም 3 የኮንቨርዥን ዑደት ሊወስድ እንደሚችል ይገልጻል። ዑደት ማለት ከጠቅታ እስከ ትዕዛዝ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ለሥራ ቤቱ ዑደቱን 6 ቀን ብንወስድ ሦስቱ ዑደት 18 ቀን ይሆናል፤ በቀን 2 ትዕዛዝ ደግሞ 50 ለመሙላት 25 ቀን ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመጨረሻው ለውጥ አንሥቶ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሳይነኩ መቆየት፣ ሲገመግሙም የመጨረሻዎቹን 6 ቀናት ከሒሳቡ ማውጣት ይገባል። Learning የሚለው ቃል ከዚያ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል፤ መጥፋቱ የዘገዩት ትዕዛዞች ተጠናቀው ገብተዋል ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላም ዒላማውን ከ5 ወደ 4.50 ማውረድ በአንዴ ወደ 3 ከመዝለል ይሻላል፤ ባለሙያዎች በአብዛኛው ለውጡን ከመቶ 10 እስከ 20 ይገድቡታል።

በወር 10 ትዕዛዝ ብቻ ለሚያገኝ ግን 50 ማለት አምስት ወር ነው። እንዲህ ያለ ዘመቻ ትዕዛዙን ትቶ ቀደም ብሎ የሚደረግና የሚበዛ ድርጊትን፣ ለምሳሌ የስልክ ጥሪን፣ እንደ ኮንቨርዥን ቢቆጥር ይሻለዋል። ጉዳቱ ሥርዓቱ ደዋይ እንጂ ገዢ ማምጣትን መማሩ ነው።

በፌስቡክና ኢንስታግራም ማስታወቂያም ተመሳሳይ ምዕራፍ አለ። ሜታ ለአንድ የማስታወቂያ ስብስብ ከመጨረሻው ጉልህ ለውጥ በኋላ በሳምንት 50 ያህል ውጤት ይጠብቃል፤ ያ ካልተገኘ Learning limited የሚል ምልክት ይታያል።

መጠበቅ የማያስፈልግበት

የትዕዛዝ ቅጹ ከተበላሸ፣ የስልክ ቁጥሩ ከተሳሳተ ወይም ማስታወቂያው ለማይደርሱበት ከተማ እየታየ ከሆነ በዚያው ሰዓት ማረም ይገባል። በስህተት ላይ ተመሥርቶ መማር ከማቋረጥ የከፋ ነው።

ኮንቨርዥኖች በትክክል ላልተቆጠሩባቸው ቀናት ጉግል አድስ Data exclusions የተባለ መሣሪያ አለው፤ ስማርት ቢዲንግ የእነዚያን ቀናት መረጃ እንዲተው ያደርጋል። የሚቆጥረው በጠቅታ ቀን ስለሆነ የብልሽቱን ቀን ብቻ ማስገባት አይበቃም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ገደማ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ማስታወቂያ ተጭነው በኋላ ሊያዝዙ የነበሩ ሰዎች ተመልሰው ቅጹን መሙላት አይችሉም ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሥራ ቤቱ ባለቤት ከመቋረጡ በፊት የነበሩትን 6 ቀናትም ጨምሮ ማግለል ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ሥርዓቱ እነዚያን ጠቅታዎች ገዢ እንዳልወጣባቸው ቆጥሮ የሚያቀርበውን ዋጋ ይቀንሳል።